አንዲት እናት በድንገት አርፋብናለች፤ ይህ የሆስፒታል መግለጫ እንዲህ መውጣት አለበት?

የመግለጫ ሰው (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ሕዝብ ግንኙነት ነኝ። ስሙን አልጠቅስም፣ እናንተም ለመገመት አትሞክሩ። ሰኞ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሌሊቱን አርፋለች። ማክሰኞ ከሰዓት ተቀበረች። ዛሬ ረቡዕ ፌስቡኩ ቀውጢ ሆኗል። አስተዳደሩ ረቂቅ ጽፎ "አሁኑኑ ለጥፈው" ብሎኛል። እኔ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ረቂቁ ይኸው፦

«በሆስፒታላችን በቀዶ ሕክምና የተገላገሉት ወ/ሮ (ሙሉ ስም) ሰኞ ምሽት 2፡05 ላይ ከአቅም በላይ በሆነ የደም መፍሰስ በእግዚአብሔር ፈቃድ ሕይወታቸው አልፏል። ባለሙያዎቻችን አስፈላጊውን ሕክምና ሁሉ በወቅቱና በብቃት የሰጡ ቢሆንም ቤተሰብ ደም በጊዜው ባለማቅረቡ ጥረቱ ሊሳካ አልቻለም። አንዳንድ ግለሰቦች የሆስፒታሉን ስም ለማጉደፍ በማኅበራዊ ሚዲያ በሚያሰራጩት የሐሰት ወሬ በሕግ የሚጠየቁ ይሆናል። ተረኛ ሐኪሙ ከሥራ የታገደ ሲሆን የምርመራውን ውጤት በቅርቡ ለሕዝብ ይፋ እናደርጋለን።»

ቤተሰቡ ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጋ አመልክቷል። ምን ላድርግ?

ሸዋ በር

ምንም አትለጥፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ አስቀምጦታል። አንድ ቃል ብትተነፍስ ራሳችሁን ከሰሳችሁ ማለት ነው። "ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ነው" በልና ዝጋው። አለቀ።

ጥቁር ካባ

ጠበቃ ነኝ። ሸዋ በር ግማሹን አግኝቶታል። ዝርዝር ሕክምናዋን ማውጣት አይቻልም፣ ልክ ነው። እንዲያውም ከአዋጁ በፊት የሚያሳስበኝ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399፣ የሙያ ምስጢርን ማውጣት የሚለው ነው። ዝም ማለት ግን ከክስ አያድንም። ዝም ባልክበት ሰዓት ከተማው የራሱን መግለጫ ይጽፍልሃል።

አሁን ረቂቁን ላንሳ። ችግሩ ተናጋሪ መሆኑ ብቻ አይደለም፣ ገና የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጎ መናገሩ ነው። "ከአቅም በላይ" ማለት በፍርድ ቤት የምታቀርበው መከላከያ ነው። መከላከያን ፌስቡክ ላይ ካቀረብክ፣ ነገ ምርመራው ሌላ ነገር ሲያሳይ ተቃራኒ ወገን አትሞ ይዞልህ ይመጣል። "በወቅቱና በብቃት" ደግሞ የፍርድ መደምደሚያ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 መሠረት ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቋል ወይ የሚለው ነው ጭቅጭቁ ሁሉ። በወንጀል በኩልም አንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ሲያነሳ ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ያከብድበታል። እናንተ ያን ሁሉ ጥያቄ በሁለት ቃል መልሳችሁ ጨርሳችሁታል። ወዲያው ዝቅ ብላችሁ ደግሞ "ሐኪሙ ታግዷል" ትላላችሁ። በብቃት ከሠራ ለምን ታገደ? አንባቢ ይህን ለማየት ሕግ መማር አያስፈልገውም።

የጅዳዋ

እኔ ሕግ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሟቿ ቤተሰብ ሁሉ ሰምቷል? እኔ የወንድሜን ሞት በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ሰሐን እያጠብኩ ፌስቡክ ላይ ነው ያየሁት። ስሙ ከነአባቱ ተጽፎ። እናቴ ሽማግሌ ሰብስባ በጎረቤት ልጅ በኩል ልታረዳኝ አስባ ነበር። መርዶ እኮ ወግ አለው። ሰው አጠገብህ ኖሮ፣ የሚይዝህ ኖሮ ነው የሚነገርህ። እባካችሁ ስሟን አታውጡ።

የመግለጫ ሰው

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አሁን የማኅፀን ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ እሱም ባለቤቷን ደወለለት። ለካ እህቷ ዓረብ አገር ናት፣ አልተነገራትም። ባልየው "እስከ ቅዳሜ ድረስ ስሟን አትጥሩብኝ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶች ቤቷ ሄደው ያረዷታል" ብሏል።

ሸዋ በር

ስም መደበቅ ደግሞ ሌላ ነውር ነው። "አንዲት እናት" ምን ማለት ነው? ሰው እኮ ናት። ስም የላትም?

ቀይ እስክሪብቶ

ጋዜጣ ላይ ብዙ ዓመት አርታኢ ነበርኩ። የሸዋ በር ቅሬታ ይገባኛል፣ እኔም ድሮ እንዲያ አስብ ነበር። ግን ስሙ የሆስፒታሉ አይደለም። ባልየው ሲፈቅድ ይጻፋል። እስከዚያ "አንዲት እናት" ብሎ አንቱታውን መጠበቅ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ስም ባትጽፍም ዕድሜ፣ ቀበሌና የልጆች ብዛት ከጻፍክ ስም ጻፍክ ማለት ነው። እነሱም ይውጡ።

"በእግዚአብሔር ፈቃድ" የሚለውንም አውጡት። ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ሲለው መጽናኛ ነው። ሆስፒታሉ ሲለው ግን ከተጠያቂነት መሸሻ ይመስላል። ቤተሰቡ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያንም ጸሐፊው ያረጋገጠ አልመሰለኝም።

ቆሎ ሻጭ

ይቅርታ፣ የሞት ማስረጃ ነው የምታወሩት? የአባቴን ለባንክ ፈልጌ ሆስፒታሉ "ቀበሌ ሂድ"፣ ቀበሌው "ከሆስፒታል አምጣ" እያሉ አንከራተቱኝ።

ቀይ እስክሪብቶ

ወንድሜ፣ የኛ ሌላ ነው። ግን ባዶ እጅህን አትሂድ፦ ሆስፒታሉ መሞታቸውን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ይሰጥሃል፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ነው። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ያዝ።

ማዋለጃ ክፍል

የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ፣ በሌላ ከተማ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሰዓቱን ማን ጻፈው? የአስከሬን ምርመራ ተደርጓል? "የምርመራ ውጤት" የምትሉት የትኛውን ምርመራ ነው?

የመግለጫ ሰው

ዶክተር፣ ሰዓቱን የአስተዳደር ክፍሉ ከካርዱ ላይ ነው የወሰደው። ካርዱ 02፡05 ይላል። የአስከሬን ምርመራ አልተደረገም። ለባልየው አማራጩ ተነግሮት "አልፈልግም" ብሏል ይባላል፣ ካርዱ ላይ ግን አልሰፈረም። ስለ ምርመራው፣ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት የሚያየው የሆስፒታሉ የኤምፒዲኤስአር ኮሚቴ ነገ ይሰበሰባል።

ማዋለጃ ክፍል

እንግዲህ ከሰዓቱ እንጀምር። በካርድ ላይ የምንጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 02፡05 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8፡05 ነው። ረቂቁ ግን "ምሽት 2፡05" ይላል። የስድስት ሰዓት ስሕተት ነው። እስቲ አስቡት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት አጠገቧ ተቀምጣ አጥሚት ያጠጣቻት አክስት "ሆስፒታሉ ሞታለች ባለበት ሰዓት እኔ እያወራኋት ነበር" ትላለች። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላውን ዓረፍተ ነገር አያምናችሁም። ቀኑም ሰኞ አይደለም፣ "ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ" ነው።

ወደ ሞቱ ምክንያት ስንመጣ፣ ደም ፈሷታል፣ ይህን ነርሶቹ አይተዋል። የሞተችው ግን በሱ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የእንሽርት ውሃ ወደ ደም ሥር ገብቶ ልብንና ደምን ሊያውክ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ደሙ አልረጋ ብሎ ይፈሳል። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም "ደም ፈሷት ሞተች" ነው። አስከሬኑ ሳይታይ ተቀብሯል። ስለዚህ የኮሚቴው ድምዳሜ ራሱ ከካርዱ ተነስቶ "ሊሆን የሚችለው ይህ ነው" ከማለት ላያልፍ ይችላል። መግለጫው ከኮሚቴው በላይ ማወቅ አይችልም።

ባልየው "አልፈልግም አለ" የምትሉትንም እንዳትጽፉት። ካልተጻፈ አልተነገረም ነው የሚባለው። አገራችን ቀብር የሚቆይ አይደለም። ያ ጥያቄ ማክሰኞ ማለዳ፣ ከነምክንያቱ፣ በሽማግሌ ፊት ተጠይቆ መልሱ ካርዱ ላይ መስፈር ነበረበት። አሁን ማንም ብዕር አንስቶ ካርዱ ላይ እንዳይጨምር ጠብቁ። ዋናው ካርድ ይቆለፍበት፣ ሥራ በቅጂው ይሁን። የረሳው ነገር ያለ ባለሙያ ካለ ለብቻው፣ ዛሬ እንደጻፈው ዛሬውን ቀንና ሰዓት አስቀምጦ ይጻፍ። የማክሰኞ ቀን ሰጥቶ ዛሬ መጻፍ ግን ሞቱን ካስከተለው ነገር የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ጥቁር ካባ

ዶክተር የመጨረሻዋን አስምሩባት። በሙግት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስረታው ሕክምናው ሳይሆን የተነካካው ካርድ ነው።

በርሚንግሃም 7

እኔ እንግሊዝ ነርስ ነኝ። እዚህ ከ2014 ጀምሮ ሆስፒታሉ ለቤተሰብ እውነቱን የመንገር ግዴታ በሕግ አለበት። በቃልም በጽሑፍም ይቅርታ ይጠየቃል። የ2006ቱ የካሳ ሕግ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ጥፋትን ማመን አይደለም ይላል። ለምን እናንተም በግልጽ "ይቅርታ እንጠይቃለን" አትሉም? ሰው የሚፈልገው ይህን ነው።

ጥቁር ካባ

እህቴ፣ ሐሳብሽን እወደዋለሁ፣ ግን የእንግሊዝን ሕግ እዚህ ጥላ አድርገው ሊቆሙበት አይችሉም። የእኛ ዳኛ ፊት "ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ" የሚል ወረቀት ስሕተት ነበር የሚል ወረቀት ነው። ሐዘን መግለጽ ግን ማንንም አያስከስስም። "ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን" ይበሉ፣ ከልብ ይበሉት፣ "ቢሆንም" እና "ነገር ግን" አይከተለው።

በርሚንግሃም 7

ለቤተሰቡ ይህ በቂ አይመስለኝም። ፊት ለፊት ሲገናኙ ሰው የሚሰማው የሕግ ቋንቋውን ነው። በዚህ አንስማማም።

ማዋለጃ ክፍል

ፊት ለፊት ሌላ ነው፣ እዚያ እኔም ከሲስተር ጋር ነኝ። መግለጫው የቤተሰቡን ውይይት አይተካም።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። "የምርመራውን ውጤት ለሕዝብ ይፋ እናደርጋለን" ብላችኋል። የእናቶች ሞት ቅኝት አገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ በኋላ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ተጨመረበት። መርሁ ስም አለመጥራት፣ አለመውቀስ፣ አለማሳፈር ነው። ኮሚቴው ፊት አዋላጇ "ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ዶክተሩን ስደውል አላነሳም፣ ደም ባንኩ ዘግይቷል" ብላ የምትናገረው ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ ስለምታምን ነው። እናንተ ውጤቱን ፌስቡክ ላይ አወጣለሁ ስትሉ ነገ የሚሰበሰበው ኮሚቴ ፊት ማንም እውነቱን አይናገርም። የሚቀጥለው ዓመት እናትም በዚያው ቀዳዳ ትሄዳለች።

ጥፋተኛ የሚፈለግ ከሆነ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። የወንጀሉ ደግሞ የፖሊስ ነው። ሦስቱ የተለያዩ በሮች ናቸው። መግለጫው "ምርመራ" በሚል አንድ ቃል ሦስቱን አደበላልቋቸዋል።

የመግለጫ ሰው

ታዲያ ሰዉ "ሸፋፈኑት" አይልም? ለቤተሰቡስ ምን እንበል?

ማዋለጃ ክፍል

ለቤተሰቡ የምትሰጡት የኮሚቴውን ወረቀት ሳይሆን መልሱን ነው። "የሆነው ይህ ነው፣ እስካሁን የማናውቀው ይህ ነው" ብሎ ሐኪሙና ሥራ አስኪያጁ በአካል ያስረዳሉ። ተረኛውን ወጣት ሐኪም ብቻውን አትላኩት። ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ ቁጥር ስጧቸው። ባልየው ሰባት ቢሮ እየዞረ እንዳያንኳኳ።

ጥቁር ካባ

ስለ ደሙ ማንም ያነሳ የለም። "ቤተሰብ ደም ባለማቅረቡ" ያለውን ጸሐፊ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ትናንት የቀበረን ባል "ገዳዩ አንተ ነህ" ማለት ነው እኮ። በሕግም ራስን መምታት ነው፤ ደም ማዘጋጀት የማን ሥራ ነበር ብሎ ጠበቃው ሲጠይቅ ምን ትመልሳላችሁ?

በስም ማጥፋት እንከሳለን የሚለውም ይውጣ። የሐሰት ወሬ ካለ ትክክለኛውን ሐቅ ጻፉ፣ ያ ይበቃል። የሐኪሙ እገዳም ይውጣ፣ በከተማው ማን ተረኛ እንደነበር የማያውቅ የለም። ልጁ ሳይፈረድበት ደጁ ላይ ድንጋይ ይወረወርበታል።

ቀይ እስክሪብቶ

እንግዲህ የቀረውን እኔ ልሞክር። የመግለጫ ሰው፣ አንድ ዘዴ ልንገርህ፦ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን "ይህን በምን አወቅን?" ብለህ ምንጩን ጻፍ፦ ካርዱ፣ የፖሊስ ደብዳቤ፣ ቤተሰቡ ያለው። ምንጭ ያጣው ይውጣ። የአስተዳደሩን ረቂቅ በዚህ ባሳልፈው የቀረኝ "ሕይወታቸው አልፏል" የምትለዋ ብቻ ናት። ከዚያ ተነስቼ ይህን ጻፍኩ፦

«የሐዘን መግለጫ

በሆስፒታላችን ሕክምና ላይ የነበሩ አንዲት እናት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡05 ላይ ሕይወታቸው አልፏል። ለባለቤታቸው፣ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን።

የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ቤተሰቡን አግኝተው አነጋግረዋል።

የሞታቸው ምክንያት እስካሁን አልተረጋገጠም። የተሰጣቸው ሕክምና እንደ አሠራሩ እየታየ ነው። የደረስንበትን በቅድሚያ ለቤተሰቡ በአካል እናስረዳለን። ፖሊስ የጠየቀውን የሕክምና መዝገብ ቅጂ አስረክበናል።

የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለብን ስለ ሕክምናቸው ዝርዝር አንሰጥም። የሟቿን ስምና ፎቶ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ እንዳታሰራጩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ይህ መግለጫ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት የተረጋገጠውን ብቻ የያዘ ነው።»

ሸዋ በር

ይህማ ምንም አላለም።

ጥቁር ካባ

ያወቁትን ብሏል። ሁለት ማስተካከያ አለኝ። የፖሊሱ መስመር ቅጂው በእርግጥ ከተሰጠና የተቀበሉበት ፊርማ ካለ ብቻ ይቆይ። "ከሌሊቱ 8፡05" የሚለውን ደግሞ ባወጣው ደስ ይለኛል። ሰዓቱ ቢያጨቃጭቅ የምትጨቃጨቀው በካርዱ እንጂ በፌስቡክ አይሁን። "አጥቢያ" ይበቃል።

ማዋለጃ ክፍል

በሰዓቱ እስማማለሁ። ካርዱ ላይ ያለው ሐኪሙ መሞቷን ያረጋገጠበት ደቂቃ ነው፣ ልቧ የቆመበት ላይሆን ይችላል።

የመግለጫ ሰው

እናመሰግናለን። ቅጂውን ፖሊስ ፈርሞ ወስዷል፣ ደብዳቤውን አየሁት። ሰዓቱን አወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን "ባለሙያዎቻችን ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል" የምትለዋ ካልተመለሰች አልፈርምም ይላል። ማዋለጃ ክፍል ያሉት ልጆች ፈርተዋል፣ ሁለቱ ዛሬ ሥራ አልገቡም። ያለ እሷ እንደተከዱ ይሰማቸዋል ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር እኔም ያሳዝኑኛል።

ማዋለጃ ክፍል

ያሳዝናሉ። እኔም ተረኛ ሆኜ እናት ሞታብኛለች፣ ሌሊቱን አውቀዋለሁ። ግን ያን ቃል ለልጆቹ ራሱ ይንገራቸው። ዛሬ ማታ ተረኛ ክፍሉ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ። ለሕዝብ ሲባል ምስክርነት ይሆናል፣ ለነሱ ሲባል ማጽናናት ነው።

የመግለጫ ሰው

ሄደ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ፈረመ። ከመለጠፌ በፊት ሐኪሙና እኔ ለባልየው ልናነብለት ለቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሰማን። "የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ቤተሰቡን አግኝተው አነጋግረዋል" ስል አስቆመኝ። "እናንተ መቼ መጣችሁ? ማክሰኞ ጠዋት እኔና አጎቴ ነን በራችሁ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመን የገባነው" አለ። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እዚያው አስተካከልነው፦ «የቤተሰቡ አባላት ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ መጥተው ከኃላፊዎች ጋር ተነጋግረዋል።» "እንዲህ ከሆነ ለጥፉት" አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ቀይ እስክሪብቶ

ጎሽ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ምንጭ አልነበራትም፣ የጻፍኳት እኔ ነኝ።

የመግለጫ ሰው

ተለጥፏል። አሁን የአስተያየት መስጫው ነው ያስቸገረኝ። የሐኪሙን ስምና ሰፈር መጻፍ ጀምረዋል። ልዝጋው?

ጥቁር ካባ

ዝጋው።

የጅዳዋ

አትዝጋው። "ነፍስ ይማር" የሚልም አለ እኮ። ስም የጻፈውን እየለቀምክ አጥፋ።

ሸዋ በር

ሌሊቱን ሙሉ ማን ይለቅማል?

የመግለጫ ሰው

እኔው ነኛ። እስከ እኩለ ሌሊት እየለቀምኩ ልየው፣ ካልሆነ እዘጋዋለሁ።